ጋሽ ይግዛው ዝም ያሉበት ሰሞን

ጋሽ ይግዛው የአርብ ገበያ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወፍጮ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት በድምፃቸው ነው። ሌላ ምክንያት የሚነግራችሁ ሰው ካለ ወይ ዘመዳቸው ነው፣ ወይ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ማኅበሩ ሲመሠረት የአካባቢው ገበሬ ገበያው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ነፋሱ የተናጋሪውን ሁሉ ቃል እየነጠቀ ወደ ገደሉ ሲበትነው፣ እጩዎቹ በየተራ እየተነሡ ተናገሩ። ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ የሰማው ጋሽ ይግዛውን ብቻ ነበር። ያልሰማውን ሰው እንዴት ይምረጥ? እሳቸውን መረጠ። ከዚያ በፊት በንጉሡ ጊዜ እዚያው ገበያ ላይ አዋጅ ነጋሪ ነበሩ። የጠፋ በቅሎም ይሁን የወጣ ትእዛዝ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲለፍፉ ነው የኖሩት። አዋጅ ነጋሪ ደግሞ መልስ አይጠብቅም፤ ተናግሮ ወደሚቀጥለው ጉብታ ይሄዳል።

ጎረቤታቸው ስለነበርኩ አውቃቸዋለሁ፤ ደግ ሰው ነበሩ። ለቅሶ አይቀሩም፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ያላቸውን አይሰስቱም። ችግራቸው አንድ ነው። ሰው ነገር ጀምሮ መሐል ላይ ሲደርስ እጃቸውን ያነሡና «ገባኝ» ይላሉ። ምን እንደገባቸው የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። አንዴ «ገባኝ» ካሉ በኋላ ተናጋሪው የቀረውን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሞተሩን የሚያስነሣውና እህል የሚፈጨው ፈንታው ነበር። ተራ የምታስይዘው ወለላ ናት። የወለላ ሥራ ከላይ ሲያዩት ቀላል ነው፤ የመጣውን ስልቻና ጆንያ ተቀብሎ፣ መዝኖ፣ ግድግዳ አስደግፎ መደርደር። ግን ወፍጮ የራሱ ጠባይ አለው። ስንዴና ገብስ ይቀድማል፣ ሽሮ ይከተላል፣ በርበሬ መጨረሻ ነው። በርበሬ ያለፈበት ድንጋይ ትንሽ ግርድ ተፈጭቶበት ካልጸዳ፣ ቀጥሎ የሚወጣው ዱቄት አገር ያስነጥሳል። ይህን አርብ ገበያ ውስጥ የማያውቅ የለም። የሚከብደው፣ በርበሬዋን አዝላ ማልዳ የመጣችን ሴት «አንቺ ቆይ፣ ይቺ ትቅደም» ብሎ ሳያስቀይሙ መናገሩ ነው።

ወለላ ይህን ትችልበት ነበር። ሴትዮዋን ከየት እንደመጣች፣ ማን ታሞ እንደሰነበተ፣ ላሚቱ ወልዳ እንደሆነ ትጠይቃታለች። ጠይቃም ዝም ብላ ትሰማለች። ሴትዮዋ የልቧን ካወራች በኋላ መቆየቱ አይከብዳትም። በዚህ ምክንያት የእኛ ወፍጮ ቤት ጠብ አያውቅም ነበር። ጋሽ ይግዛው ጠብ የማይኖረው በእሳቸው አመራር እንደሆነ ያምኑ ነበር፤ ይህንንም ሳይነግሩት የቀሩት ሰው የለም።

እንግዲህ የወፍጮው ሕግ «ጆንያ ያስቀደመ ይቀድማል» የሚል ነበር። ሕጉን ያወጡት ጋሽ ይግዛው ናቸው፤ ሲያወጡትም ደስ ብሏቸው ነበር። ችግሩ አርብ ላይ ነው። አርብ ገበያ ስለሆነ ከቆላው ሴቶች እህላቸውን በአህያና በጀርባ ጭነው፣ ሽቅብ ያን ዳገት ይወጣሉ። ደርሰው ሲያዩ የከተማው ሰው ጆንያ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ተሰልፎ በሩ ላይ ደርሷል፤ ባለቤቶቹ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ቆለኞቹ የከተማውን ጆንያ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ገበያው ይበተናል፣ ተራቸው የሚደርሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከዚያ ያንን ቁልቁለት በጨለማ መውረድ ነው።

ወለላ ይህን ልትነግራቸው መጀመሪያ የሄደችው ኅዳር ላይ ነው። ቢሯቸው የወፍጮ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት።

«ጋሽ ይግዛው፣ ይህ የአርብ ነገር እኮ…»

«ገባኝ» አሉ። «አቧራው ነው። አርብ ዱቄቱ ይበዛል፣ ልብስሽ ይበላሻል። እንዲያውም እኔ ራሴ ሳስበው ነበር።»

በሳምንቱ ከንፋስ መውጫ ከተማ ሰማያዊ ጋዋን አስመጡላት። ለሁለት ወለላ የሚበቃ ነው። እጅጌውን ጠቅልላ ለበሰችው። ምን ታድርግ?

ጥር ላይ እንደገና ሄደች። በዚህ ጊዜ ነገሩን አሳጥራ፣ ከዋናው ልጀምር ብላ ነበር። «ጋሽ ይግዛው፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ እየዋለ…»

«ገባኝ። ቆሞ መዋል ከባድ ነው። አንቺም ሰው ነሽ፣ እግር አለሽ።»

ወንበር አሠሩላት። አናጢውን ራሳቸው ቆመው አዘዙት፤ ሲያዙት ጩኸታቸው ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር፣ አናጢው ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ወንበሩ መጣ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀመጠ። ወለላ አመሰገነች። ስትቀመጥበት ያየ ግን የለም፤ ብዙውን ጊዜ የምትቀመጥበት የፈንታው ዶሮ ነበረች።

ከዚያ መጋቢት መጣ። ውዴ የምትባል አንዲት የቆላ ሴት ነበረች፤ ለእናቷ ተዝካር የሚሆን ስንዴ ይዛ አርብ ጧት መጥታ፣ ያው እንደተለመደው ተራዋ የደረሰው ሲመሽ ነው። ቁልቁለቱ መሐል ላይ የበልግ ዝናብ ያዛት። ዱቄቱ ራሰ፣ ተቦካ፣ ተዝካሩ በሰው ዱቄት ተደገሰ። ወለላ ይህን በሚቀጥለው አርብ ስትሰማ ፊቷ ልውጥ አለ። ሥራዋን ጨርሳ ወደዚያች ክፍል ገባች።

«ጋሽ ይግዛው፣ እኔስ ደከመኝ። ሰዎቹን…»

«ገባኝ!» ጋሽ ይግዛው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ውሸት አይደለም፣ ፈንታው አይቷል። «የሚደክም ሠራተኛ የሚያመሰግነው ያጣል። እኔ ይግዛው ግን አልዘነጋሁሽም።»

ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ሲከበር፣ ገበያው ሜዳ ላይ ሕዝብ ባለበት ወለላን «ኮከብ ሠራተኛ» ብለው ሸለሟት። ማኅተም ያለበት ወረቀት በመስተዋት አስገብተው ሰጧት። ንግግር አደረጉ። ስለ ወለላ ጀምረው ስለ ራሳቸው ጨረሱ። ወለላ ወረቀቱን አቅፋ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ሰው በደስታ አፍራ መሰለው።

በዚያው ሳምንት ወደ ቢሯቸው ገባች። ጋዋኑን አጥባ አጣጥፋ፣ የመስተዋቱን ወረቀት ላዩ ላይ አድርጋ ይዛለች። ወንበሩን በሌላ እጇ ትጎትታለች። ሦስቱንም አስቀመጠች፤ የወፍጮ ቤቱንም ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሽ ይግዛው፣ እንግዲህ ሥራውን ልተው ነው። የቤት ጉዳይ አለብኝ።»

ሰው በስንት ጊዜ አንዴ የሚጠየቅበት ቀን ነበር። አንድ «ለምን?» ይበቃ ነበር። ጋሽ ይግዛው ግን እጃቸውን አነሡ።

«ገባኝ። ደሞዝ ታሟል አይደል? በዚያ ሰሞን ሳየው ፊቱ ጠቁሮ ነበር።»

ደሞዝ ባሏ ነው። ወለላ ትንሽ አየቻቸውና «እንደዚያ ይሁን» ብላ ወጣች። አልጮኸችም፣ በሩንም ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ጋሽ ይግዛው እንግዲህ የሰሙትን ወሬ ይዘው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም፤ ይህን ደግሞ ራሳቸው ናቸው የፈጠሩት። ደሞዝ በጠና መታመሙ በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ሴቶቹ ገንፎ እየያዙ፣ ሽማግሌዎቹ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሊጠይቁት ሄዱ። ደሞዝ ማሳው ላይ በሬ ጠምዶ ያርሳል። መጀመሪያ «ደኅና ነኝ» አለ። ቀጥሎ የመጡት «ይህ ሰው እንዴት ያለ ብርቱ ነው፣ ሕመሙን አያሳይም» እያሉ ከንፈራቸውን ሲመጡለት ተናደደ። በኋላ ገንፎው ደስ ስላለው ማስተባበሉን ተወው።

ወፍጮ ቤቱ ግን የታመመ ነገር እየሆነ ሄደ። የመጀመሪያው አርብ ሁለት ሴቶች ጆንያ ተጓተቱ። የሁለተኛው አርብ ሰልፉ ሁለት ሦስት ቦታ ተሰበረ። ጋሽ ይግዛው በሩ ላይ ቆመው «ጆንያ ያስቀደመ ይቀድማል!» እያሉ ይለፍፋሉ፤ ሰው በጮኹ ቁጥር የባሰ ይጋፋል። ቆለኞቹ እህላቸውን እየያዙ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የውሃ ወፍጮ መሄድ ጀመሩ። ድሮ አርብ እስኪመሽ የማይዘጋው ሞተር እኩለ ቀን ላይ ዝም ይል ጀመር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ባዩ ይባላል፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። መጥቶ ባዶውን ግድግዳ አየና «ጓድ ይግዛው» አለ። «የሰኔ ሚካኤል ማግስት ጉባኤ አለ። ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ ገበሬው ቁልፉን ከእጅህ ይወስዳል፤ ወፍጮውንም ነቅለን ሌላ ቦታ እንትከለው ይላል።» ጋሽ ይግዛው «ገባኝ» አሉ፤ በዚህ ጊዜ እንኳ እውነትም ሳይገባቸው አልቀረም፣ ምክንያቱም ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ወፍጮው ክብራቸው ነበር። ከአዋጅ ነጋሪነት ወዲህ የያዙት ቁም ነገር እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ዘዴያቸው ወለላን በንግግር መመለስ ነበር። ቤቷ ሄደው፣ ደሞዝ እንዲድን ተመኝተው (ደሞዝ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ነበር)፣ የወፍጮውን ታሪክ ከመሠረቱ ተረኩላት፣ ደመወዟ እንደሚጨመርም ነገሯት። ወለላ ጠላ ቀዳችላቸው። ሲወጡ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ጋሽ ይግዛው መንገድ ላይ ሲሄዱ «ግማሽ ልቧ ተመልሷል» ብለው አሰቡ። ከምስጋናዋ ሌላ አንድ ቃል እንዳልነገረቻቸው ያኔ አልታወቃቸውም።

ሁለተኛው ዘዴ ስብሰባ ነው። ንፋስ መውጫ ለሥልጠና ሄደው «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገር ተምረው መጥተው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰው ሰበሰቡ። «ዛሬ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ልሰማ ነው የመጣሁት» አሉና ግለ ሂስ ጀመሩ። ጥፋታቸውን ተናዘዙ። ለሕዝብ በጣም በማሰብ ራሳቸውን እንደጎዱ፣ እጅግ ታጋሽ መሆናቸው እንደጎዳቸው፣ ለሠራተኛ ከመጠን በላይ ደግ እንደሆኑ ሳይደብቁ አጋለጡ። ሰው ወገቡን አመመው። መጨረሻ ላይ ፈንታው እጁን አወጣ።

«ፈንታው ስለ ናፍጣው ነው። ገባኝ፤ ናፍጣው ይመጣል።»

ፈንታው እጁን አወረደ። ጋሽ ይግዛው ዙሪያውን አይተው ሌላ ሂስ ስላላገኙ ስብሰባው የተሳካ ነበር ብለው ዘጉት።

ሦስተኛውን ዘዴ በርበሬ አመጣው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ አርብ ግፊያው ሲበረታ ፈንታው የቀረበለትን ሁሉ ወደ ወፍጮው ይገለብጥ ነበር። የአንዲት የከተማ ሴት በርበሬ ገባ። ድንጋዩ ሳይጸዳ ከኋላው ለጽዋ ማኅበር ዳቦ የሚሆን ስንዴ ገባ። ቀይ ዱቄት ወጣ። ባለ ስንዴዋ ጮኸች፣ ባለ በርበሬዋም ጮኸች፣ ጋሽ ይግዛው ሁለቱንም አስንቀው ሊጮኹ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው የወፍጮው አፍ ላይ ቆሙ። አንድ ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ሳል ብቻ ነው።

ድምፃቸው ተዘጋ። ፈጽሞ ተዘጋ፤ «እ» ማለት እንኳ አቃታቸው። ሚስታቸው ማንጠግቦሽ ጦስኝ አፍልታ በማር አጠጣቻቸውና «እስኪሽርህ አፍህን አትክፈት» ብላ አዘዘች። ስታዝ ፊቷ ላይ ኀዘን አላየሁም።

በዚያው ሰሞን ፈንታው ሊጠይቃቸው መጣ። «እንደምን ሰነበቱ?» አለ። ጋሽ ይግዛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሞተሩ ደኅና ነው» አለ ፈንታው። ነቀነቁ። ፈንታው እንግዲህ «ገባኝ» የሚለው ድምፅ መጥቶ እስኪያቋርጠው ጠበቀ። አልመጣም። ግራ ገባው። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቆቡን አገላበጠ፣ በሩን አየ።

«ያን ዕለት በስብሰባው» አለ ቀስ ብሎ፣ «እጄን ያወጣሁት ስለ ናፍጣ አልነበረም። ወለላን ለምን እንደወጣች ጠይቀዋት ያውቃሉ ወይ፣ ልል ነበር። የማውቀው የለኝም። ለሰው አትናገርም። ግን ሁልጊዜ ከዚያች ክፍል ስትወጣ ፊቷን አያታለሁ። የያዘችውን ይዛ ነው የምትመለስ።»

ጋሽ ይግዛው አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ፈንታው ሲሄድ የተናገረው ሁሉ ሳይነካ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል። ሰው ሲናገር እንዲህ ገጥሟቸው አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ መልሳቸው ስለሚሸፍነው የሌላው ቃል አይታያቸውም።

ማንጠግቦሽም ተናገረች። ወጥ እያማሰለች፣ መሬቱን እያየች። «መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለችውን የእኅቴን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ‹ገባኝ፣ ቅቤ ላኪላት› ትለኛለህ። ስንት ቅቤ ላክሁ። ሴትዮዋ በቅቤ ሰመጠች እኮ! ቅቤ ልልክ አልነበረም የፈለግሁ። ልሄድ ነው። ከእናታችን ሞት ወዲህ አልተያየነም።» ማማሰያውን አዞረች። እሳቸውም ዝም አሉ፣ ምን ምርጫ አላቸው። እሷ ጨርሳለች ብለው ሲያስቡ እንደገና ጀመረች። «ትቆጣኛለች ብዬ ነው የፈራሁ። ቀብሩ ላይ ተጣልተን ነበር።» ይህን ከተጋቡ ጀምሮ ሰምተውት አያውቁም። በእጃቸው ምልክት እንድትሄድ አሳዩዋት። ማንጠግቦሽ ማማሰያውን ትታ ዓይኗን ጠረገች።

ያን ሰሞን ጋሽ ይግዛው አንድ ነገር አወቁ። ሰው መጀመሪያ የሚናገረው ሊናገር የመጣውን አይደለም። በር ሲያንኳኳ ነው እንጂ ገና አልገባም። ዝም ብሎ የቆየ ሰው ነው ዋናውን የሚያገኘው። ይህን ከማንም አልተማሩትም፤ በርበሬ ነው ያስተማራቸው።

ድምፃቸው ሲመለስ ለማንም አልነገሩም። ደብቀው ያዙት። እኔ የነቃሁባቸው አጥር ጥግ ቆመው ለበቅሏቸው በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ሲያዩኝ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

እንደዚህ ሆነው ወደ ወለላ ሄዱ። ወለላ ደጃፏ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ተነሥታ ተቀበለቻቸው፣ መደቡን አራገፈችላቸው።

«ድምፅዎ ተመለሰ?»

«ተመልሷል» አሉ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ለምንድን ነው የወጣሽ?»

ወለላ እንዝርቷን አዞረች። «የቤት ጉዳይ ብዬዎት የለ።»

ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ጋዋኑንም ወንበሩንም ይቆጥሩላት ነበር። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዝም አሉ። እንዝርቱ ዞረ። ክሩ ተጠቀለለ። ደሞዝ ከጓዳ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና ተመለሰ። ጋሽ ይግዛው ኋላ ሲያጫውቱኝ፣ «ከእሷ ጋር ከምታገል ከመቋሚያው ጋር ታገልኩ፤ ሊሰበር ነበር» ብለውኛል።

«የቆላ ሴቶቹ ነገር ነው» አለች ወለላ በመጨረሻ። አርብ አርብ የሚሆነውን ከጧቱ እስከ ምሽቱ ነገረቻቸው። የከተማውን ጆንያ፣ ቁልቁለቱን፣ የውዴን ዱቄት። እሳቸው «ሕጉን ያወጣሁት ለፍትሕ ብዬ ነው» የሚል ቃል ጉሮሯቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጡት።

ስታቆም «ሌላስ?» አሉ።

«ሌላማ ምን አለ።»

ቀጥለው «የሰማሁትን ልመልስልሽ፣ ካጎደልኩ አርሚኝ» አሉ። «ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃሉ፣ በጨለማ ይወርዳሉ። አንቺ ይህን እያየሽ ተቆጣሽ። ስለተቆጣሽም ወጣሽ።»

«አይደለም» አለች ወለላ። እንዝርቷን አስቀመጠች። «ቁጣስ አለ፤ በቁጣ ግን ሥራ አይለቀቅም። ኅዳር ላይ ‹ለጋሽ ይግዛው ነግሬያቸዋለሁ፣ ይስተካከላል› አልኋቸው። ጋዋን ለብሼ ወጣሁ። ጥርም እንደዚያው አልኋቸው። ወንበር አምጥተው አስቀመጡልኝ። ውዴ ዱቄቷ ከጠፋ በኋላ መጥታ አልወቀሰችኝም፤ ‹አንቺማ ምን ታደርጊ› ብላ አልፋኝ ሄደች። ከዚያ ያንን ሁሉ ሰው ሰብስበው ኮከብ አሉኝ። ውዴ ከፊት ቆማ ነበር። እነሱ የሚያዩኝ፣ ሕመማቸውን እያመጣሁ ለራሴ ልብስና ሽልማት የተቀበልኩ አድርገው ነው። ውሸታም አደረጉኝ፣ ጋሽ ይግዛው። ይህ ነው የቤት ጉዳዬ።»

ጋሽ ይግዛው አንገታቸውን ደፉ። አፈሩ። ይቅርታ በለመዱት በረጅሙ ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ግን «ይቅር በይኝ። አሁን ሰማሁሽ» ብቻ አሉ። «ምን ይደረግ ነበር የምትይ?»

«እኔን ለምን ይጠይቁኛል? እነሱን ይጠይቁ።»

ተነሡ። ወለላ «ተመለሺ» የምትባለውን ጠብቃ ነበር፤ እንቢ የምትልበትንም ቃል አዘጋጅታ ነበር። ሳይሏት ሄዱ። ደሞዝ ከጓዳ ወጥቶ «ታመዋል መሰለኝ» አለ።

በሚቀጥለው አርብ ማለዳ ጋሽ ይግዛው የዳገቱ አናት ላይ፣ ቆለኞቹ ሸክማቸውን አውርደው ከሚያርፉበት ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሴቶቹ ሲያዩአቸው አዲስ አዋጅ መጣ ብለው ደነገጡ። «ልሰማ ነው» ቢሉም ያመነ የለም። ውዴ ነበረች መጀመሪያ የቀመሰቻቸው። «እህሌን ወደ ማዶ ወፍጮ ነው የምወስድ» አለች፣ ይቆጡ እንደሆን ልታይ። «ለምን?» አሉና ዝም አሉ። ውዴ ተናገረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሽ ይግዛው በሆዳቸው አንድ መላ ይዘው ነበር፤ ለቆለኞቹ ማደሪያ መጠለያ ሊሠሩላቸው። ሴቶቹ ግን ማደር አልፈለጉም። ቤት ውስጥ የሚጠባ ሕፃን አለ፣ የምትታለብ ላም አለች። የሚሹት ሳይመሽ መውረድ ብቻ ነው። መጠለያውን ሳይናገሩት ቀሩ፤ ማኅበሩም ከብዙ ቆርቆሮ ዳነ።

የከተማውን ሴቶችም ለብቻ ሰበሰቡ። በአንድ ጊዜ ያልተናገረ አልነበረም፤ አብዛኛው ስድብ ነበር። ስድቡን እስከ መጨረሻው ሲሰሙት ከውስጡ ነገር ወጣ። የሚያሳስባቸው ቀኑ ሳይሆን ጆንያቸው ሌሊት በረንዳው ላይ በአይጥ መበሳቱ ነበር። ስለዚህ ረቡዕና ሐሙስ ለከተማው እንዲሆን፣ ጆንያ እንዳያድር፣ አርብ ደግሞ ለሩቅ ሰው ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ጋሽ ይግዛው የተስማሙበትን ይዘው ወደ ዛፉ ተመልሰው ለቆለኞቹ ነገሯቸው። ውዴ «ተመልሰው መምጣትዎ ነው የገረመኝ» አለች።

ጉባኤው ሰኔ 13 ተደረገ። ባዩ «ጓድ ይግዛው የምትለው አለህ?» ሲል ሕዝቡ ፀሐዩን እያየ ነጠላውን ራሱ ላይ ጣለ፤ ረጅም እንደሚሆን ያውቃል። «ውዴ ትናገር» አሉና ተቀመጡ። ባዩ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። ውዴ ተናገረች፣ ቁልፉም በጋሽ ይግዛው እጅ ቆየ። ያን ቀን ግን ደስ ብሏቸው አልገቡም። ሚዛኑ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ማንጠግቦሽም መካነ ኢየሱስ ሄዳለች፣ ቤቱም ዝም ብሏል።

ከዚያ በኋላ በመጣው አርብ ወለላ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጀርባዋ ላይ ገብስ አዝላለች። የቆለኞቹ ስልቻ በሥርዓቱ ተደርድሯል፤ ጋሽ ይግዛው ራሳቸው ናቸው የሚደረድሩት፣ ጢማቸው በዱቄት ነጥቷል። ሲያዩዋት እጃቸው ሚዛኑ ላይ ቀረ። ሞተሩ እየተንደቀደቀ ሰው ሁሉ እነሱን ያይ ነበር። ውዴም ታይ ነበር።

«ገብስ ላስፈጭ ነው» አለች ወለላ።

በዓለም ላይ ከማንም አስበልጠው እንድትገባ የሚፈልጉት ሰው ናት።

«ዛሬ አርብ ነው፣ ወለላ። አርብ የሩቅ ሰው ነው። ለረቡዕ ይዘሽ ነይ።»

ወለላ አልመለሰችላቸውም። ዞራ የሴቶቹን ሰልፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየች። ውዴ ከሰልፉ ውስጥ ሆና «እኅቴ፣ ባትለፊ ይሻልሻል፤ ሰውየው ጨክነዋል» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ወለላም ሳቀች፤ ሳቋን ከመጋቢት ወዲህ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«እሺ» አለች። «ሰኞ እመጣለሁ።»

ረቡዕ ሲሏት ሰኞ አለች፤ ለማስፈጨት ይሁን ለሥራ አልተናገረችም። ጋሽ ይግዛው እጃቸው ከሚዛኑ ላይ ተነሣ፤ ከንፈራቸው «ገ…» ብሎ ጀመረ። መልሰው ዘጉት። እጃቸውንም አወረዱ። ቆመው ጠበቁ።

ወለላ ገብሷን አስተካክላ አዘለች፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ዞረች።

«ወንበሩን ግን አናጢው ይየው» አለች። «አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ይጥላል። ያኔም ልነግርዎት ነበር።»